36.7 በመቶ ከ21.8 በመቶ ጋር ሲወዳደር፦ የአንድ ቦይለር ውሳኔ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የተነሳው የማምረቻ እንፋሎቱን በሙሉ ከአንድ ያረጀ ቦይለር በሚያገኝ መካከለኛ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቦይለሩ ይሠራል፣ ግን ነዳጅ ይበላል። በጭስ ማውጫው የሚወጣው ጋዝ ከሚገባው በላይ ይሞቃል፣ የእንፋሎት ቧንቧዎቹ የሙቀት መከላከያ ልባስ በየቦታው ተልጧል። ሥራውን ጨርሶ ወደ ውኃ የተመለሰው እንፋሎት ማለትም ኮንደንሴቱ፣ ገና ትኩስ እያለ ወደ ፍሳሽ ይለቀቃል። በዚህ የተነሳ ቦይለሩ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያሞቅ ይውላል።

የቴክኒክ ክፍሉ ሁለት አማራጮች አቀረበ። የመጀመሪያው ጥገና ነው፦ በጭስ ማውጫው ላይ የሚባክነውን ሙቀት የሚይዝ ኢኮኖማይዘር መግጠም፣ ቧንቧዎቹን እንደገና ማልበስ፣ ኮንደንሴቱን በታንከርና በፓምፕ ወደ ቦይለሩ መመለስ። ወጪው 4 ሚሊዮን ሲሆን በዓመት 1.6 ሚሊዮን ያድናል። ሁለተኛው አዲስ ቦይለር ነው። አሁን ከሚቃጠለው ከባድ ዘይት ይልቅ ዋጋው ረከስ ባለ ጠጣር ነዳጅ፣ በእርሻ ተረፈ ምርት የሚሠራ ነው። ከነቤቱ፣ ከነነዳጅ ማጓጓዣው፣ ከነአዲሱ የቧንቧ መስመርና የኮንደንሴት መመለሻ 40 ሚሊዮን ይፈጃል፣ በዓመትም 11 ሚሊዮን ያድናል። አኃዞቹ ለስሌት እንዲመቹ ተጠጋግተዋል፣ ሁሉም ግብር ከተነሳላቸው በኋላ ያሉ ናቸው። የገንዘቡ ዓይነት ምንም ይሁን ምን ስሌቱ ስለማይለወጥ እዚህ «ሚሊዮን» ብቻ እንላለን።

ሁለቱን አንድ ላይ መሥራት ትርጉም የለውም። ኢኮኖማይዘሩ የሚሠራው በአሮጌው ቦይለር ጭስ ማውጫ ልክ ነው። አዲሱ ቦይለር ቤት ደግሞ በግቢው ሌላ ጫፍ ስለሚቆም የአሁኑ ዋና ቧንቧ ከአገልግሎት ይወጣል። ስለዚህ አንዱ ከተመረጠ ሌላው ይቀራል። የሁለቱም ዘመን 8 ዓመት ተብሎ ተያዘ፤ አሮጌው ቦይለር ቢጠገንም ከዚያ በላይ እንደማይቆይ ተገምቷል። አዲሱ ከ8 ዓመት በላይ እንደሚያገለግል ቢታወቅም ከዚያ በኋላ ያለው ጥቅሙ ዜሮ ተደርጎ ተቆጠረ። ይህ አያያዝ አዲሱን ቦይለር የሚጎዳ ስለሆነ የኋላ ኋላ ውጤቱን ለማመን ያግዛል። የፋብሪካው የካፒታል ዋጋ፣ ማለትም ገንዘብ ያስቀመጡበትና ያበደሩት ወገኖች በአማካይ የሚጠብቁት ተመላሽ፣ በዓመት 12 በመቶ ነው።

የመጀመሪያው ማስታወሻ

ለሥራ አመራሩ የቀረበው የመጀመሪያ ማስታወሻ በአንድ መለኪያ ላይ የቆመ ነበር፤ ውስጣዊ የተመላሽ ምጣኔ፣ በተለምዶ አይአርአር በሚባለው። አይአርአር ማለት ወደፊት የሚገባው ገንዘብ ሁሉ ወደ ዛሬ ዋጋው ሲመለስ ከመነሻ ወጪው ጋር እኩል እንዲሆን የሚያደርገው የወለድ ምጣኔ ነው። ጥገናው 36.7 በመቶ አመጣ፣ አዲሱ ቦይለር 21.8 በመቶ። ሁለቱም ከ12 በመቶ በላይ ናቸው፣ ሁለቱም አዋጭ ናቸው። ማስታወሻው «ከፍተኛ ተመላሽ ያለው ጥገናው ስለሆነ ጥገናው ይመረጥ» ብሎ ደመደመ።

ስሌቱ ላይ ስህተት የለም። ለ8 ዓመት በየዓመቱ የሚገባው 1.6 ሚሊዮን በ36.7 በመቶ ወደ ዛሬ ዋጋው ሲመለስ በእርግጥ 4 ሚሊዮን ይሆናል። ችግሩ ያለው መደምደሚያው ላይ ነው፤ በተግባር ደግሞ እንዲህ ያለው መደምደሚያ በጣም የተለመደ ነው። ጆን ግራሃም እና ካምቤል ሃርቬይ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ከጠየቋቸው 392 የፋይናንስ ኃላፊዎች ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጉት አይአርአርን ሁልጊዜ ወይም ሁልጊዜ ለማለት በሚያስችል ደረጃ እንደሚጠቀሙ ተናግረዋል። መለኪያው የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ አንድ ቁጥር ነው፣ በመቶኛ ይነገራል፣ ከባንክ ወለድ ጋር ወዲያው ይነጻጸራል።

መቶኛው ግን የገንዘቡን ብዛት አውጥቶ ይጥላል። የጥገናውን ወጪና ገቢ በሙሉ በአሥር ብናባዛ፣ 40 ሚሊዮን አውጥተን በዓመት 16 ሚሊዮን ብናገኝ፣ አይአርአሩ ያው 36.7 በመቶ ነው። በሺህ ብናካፍለውም አይነቃነቅም። ቀመሩ ሁለቱንም ወገን በመነሻ ወጪው ስለሚያካፍል መጠኑ ይጠፋል፤ የሚቀረው ሥራ ላይ ከዋለች ከእያንዳንዷ ብር የሚገኘው የዓመት ተመላሽ ነው። ፋብሪካው ግን በመጨረሻ የሚቆጥረው ስንት በመቶ እንዳተረፈ ሳይሆን ስንት ገንዘብ እንዳተረፈ ነው።

ትርፉ በገንዘብ ሲቆጠር

የፋይናንስ ክፍሉ የጠየቀው ሁለተኛ ስሌት የተጣራ የአሁን ዋጋን፣ ኤንፒቪን ነው። በ12 በመቶ፣ ለ8 ዓመት በየዓመቱ የሚገባ 1 ሚሊዮን ዛሬ 4.968 ሚሊዮን ያወጣል። ጥገናው 1.6 × 4.968 = 7.95 ይሆናል፤ ከዚህ 4 ሲቀነስ 3.95 ሚሊዮን ይተርፋል። አዲሱ ቦይለር 11 × 4.968 = 54.64 ይሆናል፤ 40 ሲቀነስ 14.64 ሚሊዮን ይተርፋል። ማለትም የፋብሪካው ባለቤቶች ጥገናውን ቢመርጡ ዛሬ በ3.95 ሚሊዮን ይበለጽጋሉ፣ አዲሱን ቢመርጡ በ14.64። ልዩነቱ 10.7 ሚሊዮን ነው። በመቶኛ የተሸነፈው አማራጭ በገንዘብ በብዙ እጥፍ በለጠ።

እዚህ ላይ ክርክሩ ተጋጋለ። የጥገናው ደጋፊዎች ያነሱት ነጥብ ጠንካራ ስለሆነ ችላ ሊባል አይገባም፦ «ጥገናውን ከመረጥን 36 ሚሊዮን በእጃችን ይቀራል፤ እናንተ ያንን ገንዘብ እንደሌለ ቆጠራችሁት» አሉ። ገንዘቡ አለ፤ ጥያቄው የት ገብቶ ምን ያመጣል የሚለው ነው።

ቀሪው 36 ሚሊዮን በ12 በመቶ ቢሠራ፣ ማለትም የካፒታሉን ዋጋ ብቻ ቢመልስ፣ ለኤንፒቪው የሚጨምረው ነገር የለም። ይህንን ለማያምን ሰው ማሳያው የ8ኛው ዓመት መጨረሻ ሒሳብ ነው። በሁለቱም መንገድ ከ40 ሚሊዮን እንነሳ፣ የሚገባውንም ገንዘብ ሁሉ በ12 በመቶ እያስቀመጥን እንሂድ። አዲሱ ቦይለር ከተመረጠ በየዓመቱ የሚገባው 11 ሚሊዮን በ8ኛው ዓመት መጨረሻ ከነወለዱ 135.3 ሚሊዮን ይደርሳል። ጥገናው ከተመረጠ የ1.6 ሚሊዮኑ ክምችት 19.7 ይሆናል፣ በእጅ የቀረው 36 ሚሊዮን በ12 በመቶ አድጎ 89.1 ይደርሳል፣ ድምሩ 108.8 ነው። ከእኩል ተነስተው 26.5 ሚሊዮን ተራርቀው ደረሱ። ያንን 26.5 ሚሊዮን ወደ ዛሬ ብንመልሰው ከላይ ያገኘነውን 10.7 ሚሊዮን ይሰጠናል። ሁለቱ ስሌቶች የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፣ አንዱ በዛሬ ዋጋ፣ ሌላው በ8ኛው ዓመት መጨረሻ ዋጋ።

የተጨማሪው 36 ሚሊዮን ተመላሽ

ጉዳዩን የቋጨው በአይአርአር ቋንቋ ራሱ የተሰጠ መልስ ነው። መቶኛ ለለመደ ሥራ አመራር ኤንፒቪን ማስረዳት ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ጥያቄው ተለወጠ፦ ከጥገናው አልፈን ወደ አዲሱ ቦይለር ለመሄድ የምንጨምረው ገንዘብ ምን ያህል ይመልሳል?

አሠራሩ ቀላል ነው። የትልቁ አማራጭ ፍሰት በየዓመቱ ከትንሹ ይቀነሳል ሳይሆን፣ የትንሹ ፍሰት ከትልቁ ላይ ይቀነሳል። በዜሮ ዓመት −40 ሲቀነስ −4፣ −36 ይሆናል። ከ1ኛው እስከ 8ኛው ዓመት 11 ሲቀነስ 1.6፣ 9.4 ይሆናል። የዚህ የልዩነት ፍሰት አይአርአር 20.1 በመቶ ነው። ከ12 በመቶ ስለሚበልጥ ተጨማሪው 36 ሚሊዮን ራሱን የቻለ አዋጭ ሥራ ነው፣ ስለዚህ ትልቁ ይመረጣል።

በኤክሴል ዓመቶቹ ከሁለተኛው ረድፍ ጀምረው ቢጻፉ፣ ጥገናው በ`B`፣ አዲሱ ቦይለር በ`C`፣ ልዩነቱ በ`D` አምድ ቢቀመጥ፣ የሚያስፈልጉት ቀመሮች እነዚህ ናቸው፦

```
D2:   =C2-B2
      =IRR(D2:D10)
      =RATE(8, 9.4, -36)
      =C2+NPV(12%, C3:C10)
```

የመጀመሪያው እስከ `D10` ይጎተታል። ሦስተኛው ፍሰቱ በየዓመቱ እኩል ሲሆን ብቻ የሚሠራ ማረጋገጫ ነው፣ ከሁለተኛው ጋር አንድ ቁጥር ካልሰጠ አንዱ ረድፍ ተዛብቷል ማለት ነው። አራተኛው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። `NPV` የተሰጠውን የመጀመሪያ ቁጥር ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሚመጣ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ የዛሬው ወጪ ከቅንፉ ውጭ መደመር አለበት። `=NPV(12%, C2:C10)` ብሎ የጻፈ ሰው ለአዲሱ ቦይለር 14.64 ሳይሆን 13.08 ያገኛል። ስህተቱ ሁለቱንም አማራጮች በእኩል ምጣኔ ስለሚያሳንስ ደረጃቸውን አያፋልስም፣ ለዚህም ነው ሳይታወቅ የሚያልፈው። የሚታወቀው ቁጥሩ ከሌላ ሰነድ ጋር ሲጋጭ ነው።

ስለ መቀነሱ አቅጣጫ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አንድ ሰው ሳያስተውል ትልቁን ከትንሹ ላይ ቢቀንስ በዜሮ ዓመት +36፣ ከዚያ በየዓመቱ −9.4 ያገኛል። አይአርአሩ ያው 20.1 በመቶ ነው፣ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል፤ አሁን የሚያሳየው ገንዘብ ተቀብሎ በየዓመቱ መክፈልን ነው፣ ማለትም ብድርን። ብድር ደግሞ ጥሩ የሚሆነው ምጣኔው ከ12 በመቶ ሲያንስ ነው። ሰው ሳያስተውል «20.1 ከ12 ይበልጣል፣ ይጽደቅ» ብሎ የጥገናውን ወገን ሊመርጥ ይችላል። መለያው የመጀመሪያው ረድፍ ነው፦ እዚያ ያለው ቁጥር አሉታዊ ካልሆነ አምዱ ይገልበጥ።

ያ 20.1 በመቶ ሌላም ስም አለው። ሁለቱ አማራጮች እኩል ኤንፒቪ የሚያመጡበት ምጣኔ እሱ ነው፤ ኢኮኖሚስቱ ኢርቪንግ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1930 ስላነሳው የፊሸር ምጣኔ ይባላል። ከሱ በታች ባለ የካፒታል ዋጋ አዲሱ ቦይለር ያሸንፋል፣ ከሱ በላይ ጥገናው።

| የካፒታል ዋጋ | የጥገናው ኤንፒቪ | የአዲሱ ቦይለር ኤንፒቪ |
|---|---|---|
| 12 በመቶ | 3.95 | 14.64 |
| 16 በመቶ | 2.95 | 7.78 |
| 20 በመቶ | 2.14 | 2.21 |
| 22 በመቶ | 1.79 | −0.19 |

ሠንጠረዡ ለዚህ ፋብሪካ ከባድ ጥያቄ አቅልሎለታል። 12 በመቶው ትክክል ነው ወይስ ትንሽ ነው የሚል ክርክር በየስብሰባው ይነሳል። እዚህ ግን ማንም የካፒታሉ ዋጋ ከ20 በመቶ ይበልጣል ብሎ ስላልተከራከረ፣ ትክክለኛው ቁጥር 12 ይሁን 15 ወይም 17 ምርጫውን አይለውጠውም። ምጣኔው ወደ 20 የተጠጋ ቢሆን ኖሮ ሥራው ሁሉ የካፒታሉን ዋጋ በጥንቃቄ ማስላት ላይ ይሆን ነበር። አይአርአርን ከምርመራ ሳያስወጡ በትክክለኛ ቦታው የመጠቀም ጥሩ ምሳሌ ይህ ይመስለናል።

የተሻሻለው አይአርአር ለምን አላዳነም

በውይይቱ መካከል አንድ ሌላ ሐሳብ መጣ፦ አይአርአር የሚሳሳተው የሚገባው ገንዘብ በዚያው ከፍተኛ ምጣኔ እንደገና ሥራ ላይ እንደሚውል ስለሚቆጥር ነው፣ ስለዚህ የተሻሻለውን፣ `MIRR` የሚባለውን እንጠቀም የሚል። ይህም በ12 በመቶ ዳግም እንደሚቀመጥ ተደርጎ ተሠራ። ጥገናው 22.0 በመቶ፣ አዲሱ ቦይለር 16.5 በመቶ ሆነ። ቁጥሮቹ ወደ ምድር ወረዱ፤ ደረጃው ግን አልተለወጠም፣ አሁንም ትንሹ ይበልጣል።

ይህ መሆኑ አይገርምም። `MIRR` የሚያስተካክለው ገንዘቡ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ያለውን ግምት ነው። የመነሻው መጠን 4 መሆኑና 40 መሆኑ ግን አሁንም በማካፈል ይጠፋል። ደረጃው የሚስተካከለው ሁለቱም በአንድ መነሻ ላይ ሲቆሙ ነው። ጥገናውን ከቀረው 36 ሚሊዮን ጋር አንድ ላይ አድርገን በ40 ሚሊዮን መሠረት ብናሰላው፣ 40 ወደ 108.8 ያደገበት የዓመት ምጣኔ 13.3 በመቶ ነው፤ አዲሱ ቦይለር 16.5። አሁን መቶኛው ራሱ ከኤንፒቪው ጋር ተስማማ።

የትርፋማነት ኢንዴክስ የሚባለውም፣ ወደፊት የሚገባውን የአሁን ዋጋ ለመነሻ ወጪ የሚያካፍለው መለኪያ፣ በተመሳሳይ ምክንያት ያሳስታል። ጥገናው 1.99፣ አዲሱ ቦይለር 1.37 ነው። በወጪ የሚካፈል ማንኛውም መለኪያ አንዱ ሲመረጥ ሌላው በሚቀርበት ምርጫ ላይ ይህ ድክመት አለበት።

ጥገናው ትክክለኛ ምርጫ የሚሆንበት ሁኔታ

እስካሁን ያለው ሁሉ በአንድ ግምት ላይ ቆሟል፦ ፋብሪካው 40 ሚሊዮን በ12 በመቶ ማግኘት ይችላል፣ ለቀሪው 36 ሚሊዮንም ከ12 በመቶ የበለጠ ሥራ የለውም የሚል። ይህ በጭፍን መወሰድ የለበትም። ገንዘቡ በእርግጥ የተገደበ ከሆነና ሌሎች ጥሩ ሥራዎች ተራ እየጠበቁ ከሆነ፣ ጥገናውን መርጦ ቀሪውን በነሱ ላይ ማዋል ሊበልጥ ይችላል። ፈተናው ቁጥር አለው፦ ለ36 ሚሊዮኑ የተገኙት ሥራዎች አንድ ላይ ከ10.7 ሚሊዮን በላይ ኤንፒቪ ማምጣት አለባቸው።

ስለዚህ ፋይናንስ ክፍሉ ሁሉም ክፍሎች በእጃቸው ያለውን ተራ የሚጠብቅ ሥራ ከነወጪውና ከነፍሰቱ እንዲያቀርቡ ጠየቀ። በስብሰባ ላይ «ብዙ ሥራ አለን» ሲባል የነበረው ዝርዝር ተመርምሮ ሁለት ብቻ ቀረ፦ የታመቀ አየር መስመር ፍሳሽ ማስተካከልና የአንድ ማሸጊያ መስመር ማዘመን። ሁለቱ በድምሩ 9 ሚሊዮን ይፈጃሉ፣ 3.1 ሚሊዮን ኤንፒቪ ያመጣሉ። ከጥገናው ጋር ሲደመሩ 7.05 ሚሊዮን ነው፣ ከአዲሱ ቦይለር 14.64 ጋር አይጠጋጋም። የቀረው 27 ሚሊዮን ደግሞ 12 በመቶ ከሚያመጣ ቦታ ሌላ መግቢያ አልተገኘለትም። በተጨማሪም ባንኩ ለሁለቱ ትናንሽ ሥራዎች ለብቻቸው ለማበደር ፈቃደኛ ስለነበር፣ እነሱን ለማግኘት ቦይለሩን መተው አላስፈለገም።

የጥገናው ከፍተኛ ምጣኔ የሚያማልለው በአእምሯችን «በ36.7 በመቶ የሚያስቀምጥ ቦታ አገኘን» የሚል ሥዕል ስለሚፈጥር ነው። ፋብሪካው ግን የሚጠግነው ቦይለር አንድ ብቻ ነው። ጥገናው አሥር ጊዜ መደገም ቢችል፣ ለምሳሌ አንድ ኩባንያ በአሥር ቦታ አሥር ተመሳሳይ ያረጁ ቦይለሮች ቢኖሩትና ገንዘቡ ለአንድ አዲስ ቦይለር ብቻ የሚበቃ ቢሆን፣ አሥሩን ቦይለር መጠገን 39.5 ሚሊዮን ኤንፒቪ ያመጣ ነበር፣ ጥገናው ያለ ክርክር ያሸንፋል። ከፍተኛ አይአርአር ያለው ትንሽ ሥራ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ስንት ጊዜ ሊደገም ይችላል?

አደጋው የት ነው

የጥገናው ደጋፊዎች በመቶኛው ቢሳሳቱም ከጀርባው አንድ እውነተኛ ስሜት ነበራቸው፦ ትልቅ ገንዘብ ትልቅ አደጋ አለው። ይህ ስሜት በአይአርአር ልዩነት ሊለካ አይችልም፣ ግን ሊለካ ይችላል፤ ተለካም።

ጥገናው በዓመት የሚያድነው ገንዘብ በግማሽ ያህል ቢቀንስ፣ ወደ 0.81 ሚሊዮን ቢወርድ፣ ገና ወጪውን ይችላል። አዲሱ ቦይለር ግን ቁጠባው ከ11 ወደ 8.05 ከወረደ፣ ማለትም በ27 በመቶ ከቀነሰ፣ ትርፉ ያልቃል። ለምርጫው ወሳኙ ቁጥር ደግሞ ከዚህ የጠበበ ነው፦ ቁጠባው ወደ 8.85 ሚሊዮን ከወረደ፣ በ20 በመቶ ያህል ማለት ነው፣ ከጥገናው ጋር እኩል ይሆናል። አብዛኛው ቁጠባ የሚመጣው በከባድ ዘይቱና በጠጣሩ ነዳጅ መካከል ካለው የዋጋ ልዩነት ስለሆነ ጥያቄው «ፕሮጀክቱ አደገኛ ነው ወይ?» ከሚለው ወደ «የነዳጅ ዋጋ ልዩነቱ በአንድ አምስተኛ ሊጠብ ይችላል ወይ?» ወደሚለው ተለወጠ። ይህኛው መልስ ሊገኝለት የሚችል ጥያቄ ነው።

ከዋጋው የበለጠ ያስደነገጠው መዘግየቱ ነው። አዲሱ ቦይለር ሥራ የሚጀምረው በአንድ ዓመት ዘግይቶ ቢሆን፣ የ8 ዓመቱም ዘመን ካልተራዘመ፣ ኤንፒቪው ከ14.64 ወደ 4.82 ይወርዳል። የጥገናው 3.95 ስለሆነ ልዩነቱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። መዘግየቱ ላይ የግንባታ ወጪው በ2 ሚሊዮን ቢጨምር ኤንፒቪው 2.82 ይሆናል፣ ጥገናውም ይበልጣል። ወጪው ብቻውን ቢጨምር ግን፣ ሥራው በቀጠሮው ካለቀ፣ እስከ 10.7 ሚሊዮን ድረስ ይችለዋል። እንግዲህ ጥበቃው መደረግ ያለበት በዋጋው ላይ ከሚሆነው በላይ በቀጠሮው ላይ ነው። ከ36.7 እና ከ21.8 ይህንን ማንበብ የሚችል ሰው የለም።

ፋብሪካው አዲሱን ቦይለር መረጠ፣ ውሉንም በዚሁ መሠረት ቀረጸው። ሥራ ማስጀመሪያው ከታሰበው ቀን ካለፈ ተቋራጩ በየሳምንቱ እንዲቀጣ ተደረገ። ቅጣቱም የተሰላው ከሚቀረው ቁጠባ፣ ከ11 ሚሊዮኑ በሳምንት ከሚደርሰው 0.21 ሚሊዮን ተነስቶ ነው። አዲሱ ቦይለር ሙሉ ጭነት ይዞ እስኪፈተን አሮጌው እንዳይነቀል ተወሰነ፤ ይህ ሲሆን መዘግየት የሚያስከትለው የቁጠባ መዘግየት ብቻ ነው፣ ምርት አይቆምም። ለጠጣሩ ነዳጅ ከአንድ አቅራቢ ይልቅ ከሁለት ጋር የዋጋ ጣሪያ ያለው ውል እንዲፈረም ተወሰነ፤ ጣሪያውም የዓመቱ ቁጠባ ከ8.85 ሚሊዮን እንዳይወርድ ተብሎ ተሰላ።

ከዚያ በኋላ በፋብሪካው የሚቀርብ የኢንቨስትመንት ማስታወሻ ቅጽም ተለወጠ። አንዱ ሲመረጥ ሌላው የሚቀር አማራጭ ሲቀርብ አማራጮቹ ከትንሽ ወጪ ወደ ትልቅ ይደረደራሉ። መጀመሪያ ትንሹ ከካፒታሉ ዋጋ ጋር ይታያል፣ ካለፈ የቀጣዩ ጭማሪ ወጪ አይአርአር ይሰላል፣ ያም ካለፈ ቀጣዩ ትልቅ ቦታውን ይወስዳል፤ ካላለፈ ያለው ባለበት ይቆይና ከሱ በላይ ካለው ጋር ይነጻጸራል። ሦስትና አራት አማራጭ ሲኖር እያንዳንዱን ከመጨረሻው አሸናፊ ጋር ማነጻጸር ይገባል እንጂ ከተራው በፊት ካለው ጋር ብቻ ማድረግ ወደ ስህተት ይወስዳል። በእያንዳንዱ መስመር ጎን ኤንፒቪው ይጻፋል፣ ሁለቱ ካልተስማሙ የስሌት ስህተት አለ ማለት ነውና ማስታወሻው ወደ አዘጋጁ ይመለሳል።